ጥሩ ዝናብ ስስ አፈርን ሲሸፍን

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። የማወራው ስለ አንድ ካርታ ነው፤ ለበቆሎ የሚስማማ መሬት የት የት እንዳለ ስለሚያሳይ ካርታ። መረጃው ሦስት ንብርብር ብቻ ነው፦ ተዳፋት፣ የአፈር ጥልቀት እና ዝናብ።

ዘዴውን ጂአይኤስ የነካካ ሰው ያውቀዋል፤ ዌይትድ ኦቨርሌይ ይባላል። ሦስቱን ንብርብሮች ወደ አንድ ዓይነት ነጥብ ትቀይራላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ክብደት ትሰጣላችሁ፣ ከዚያ ትደምራላችሁ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያለው ካርታ ይወጣል። የሚወጣው ካርታ ደግሞ ሁሌም ያምራል። የተበላሸውም እኩል ያምራል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

እስቲ ነጥቦቹን እናስቀምጥ። 4 በጣም የሚስማማ፣ 3 መካከለኛ፣ 2 ደካማ፣ 1 የማይስማማ። ይሄ የፋኦ የ1976 የመሬት ግምገማ ማዕቀፍ S1፣ S2፣ S3 እና N ከሚላቸው ጋር ይሄዳል። ለተዳፋት ከ8 ፐርሰንት በታች 4፣ እስከ 15 ድረስ 3፣ እስከ 30 ድረስ 2፣ ከዚያ በላይ 1 እንበል። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሶፍትዌሩ ተዳፋትን በዲግሪ አስልቶ ከሰጣችሁና እናንተ በፐርሰንት ከከፋፈላችሁት ካርታው ገደል ነው የሚገባው። 30 ፐርሰንት ማለት 17 ዲግሪ ገደማ ነው። የከፍታ መረጃውም መጀመሪያ በሜትር ወደሚለካ ፕሮጀክሽን መቀየር አለበት። አግድሙ በዲግሪ፣ ከፍታው በሜትር ከሆነ ሜዳው ሁሉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ይልላችኋል። ይሄኛው ግን ቶሎ ስለሚታይ ብዙም አያሰጋም።

የአፈር ጥልቀት ከ100 ሴንቲ ሜትር በላይ 4፣ ከ50 እስከ 100 ድረስ 3፣ ከ25 እስከ 50 ድረስ 2፣ ከ25 በታች 1። ዝናቡን በእድገት ወቅቱ እንጂ በዓመቱ ድምር አትውሰዱት። በቆሎ እስኪደርስ ከ500 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ከ600 በላይ 4፣ ከ500 እስከ 600 ድረስ 3፣ ከ400 እስከ 500 ድረስ 2፣ ከ400 በታች 1 እንስጠው። በጣም እርጥብ አገር ላይ ከሆናችሁ ከላይም ገደብ ያስፈልጋችኋል። በቆሎ ውሃ የተኛበት መሬት አይወድም፤ ዝናብ በበዛ ቁጥር ነጥቡ መጨመር የለበትም።

ክብደቱ ዝናብ 50፣ ጥልቀት 30፣ ተዳፋት 20 ይሁን። ብዙዎች የሚሰጡት ከዚህ አይርቅም።

አሁን አንድ ፒክስል ልምረጥ። ዝናቡ 700 ሚሊ ሜትር፣ ተዳፋቱ 4 ፐርሰንት፣ አፈሩ ግን 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ፤ ከዚያ በታች አለት ነው። ዝናብ 4 ነጥብ በ0.5 ሲባዛ 2፤ ጥልቀት 1 በ0.3 ሲባዛ 0.3፤ ተዳፋት 4 በ0.2 ሲባዛ 0.8። ድምር 3.1። ሶፍትዌሩ ወደ 3 ያጠጋጋውና ካርታው ላይ "መካከለኛ" ብሎ ያስቀምጠዋል። ሒሳቡ ምንም ስህተት የለበትም። በቆሎው ግን ይደርቃል።

ለምን? አፈሩ እኮ የውሃ ጎተራ ነው። ጥሩ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለተክል የሚሆን 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ ይይዛል። 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 30 ሚሊ ሜትር ነው። በቆሎ ሲያብብ በቀን 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይጠጣል። ዝናቡ አንድ ሳምንት ቢጠፋ ሰብሉ አለቀለት፤ የወቅቱ ድምር 700 ሆነም አልሆነም። ድምሩ የሚጠቅመው የሚያስቀምጠው አፈር ካለ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ክብደቱን መነካካት ይጀምራል። እሺ፣ ጥልቀትን 50 እናድርገው፣ ዝናብን 30። ያው ፒክስል 1.2 ሲደመር 0.5 ሲደመር 0.8፤ 2.5 ይመጣል። አሁንም "የማይስማማ" የሚለው ቦታ አልደረሰም። ኤኤችፒ በሚባለው ዘዴ ንብርብሮቹን ጥንድ ጥንድ እያወዳደራችሁ፣ የወጥነት ሬሾው ከ0.1 በታች ወርዶ ክብደት ብታወጡም ያው ነው። ያ ሬሾ እርስ በርሳችሁ አለመጋጨታችሁን ነው የሚነግራችሁ፤ ልክ መሆናችሁን አይደለም። በእኔ አስተያየት በየጥናቱ ለክብደት የሚሰጠው ገጽ ብዛት ከሚገባው በላይ ነው።

መፍትሔው ሌላ ቦታ ነው። አንዳንድ ነገር በሌላ አይካካስም። ስለዚህ ከመደመሩ በፊት በር ያስፈልጋል። አርክጂአይኤስ ውስጥ ለዚያ ክፍል ነጥብ ከመስጠት ይልቅ Restricted ትሉታላችሁ። ኪውጂአይኤስ ውስጥ ደግሞ Raster Calculator ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

```
("rain_c@1"*0.5 + "depth_c@1"*0.3 + "slope_c@1"*0.2)
* ("rain_c@1" > 1) * ("depth_c@1" > 1) * ("slope_c@1" > 1)
```

ከሦስቱ አንዱ 1 ነጥብ ካለው በሩ ዜሮ ይሆናል፤ ድምሩ በዜሮ ይባዛል፤ ፒክስሉ ከጨዋታው ይወጣል። ክብደት ሥራ የሚኖረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የቀሩትን መሬቶች እርስ በርስ ለማወዳደር።

ሌላው የሚገርመኝ የዝናቡ 50 ፐርሰንት ነው። ለምሳሌ ቸርፕስ የሚባለው የዝናብ መረጃ አንዱ ፒክስል በግምት 5.5 ኪሎ ሜትር በ5.5 ኪሎ ሜትር ነው። የከፍታ መረጃው ደግሞ 30 ሜትር። በአንዲት የዝናብ ፒክስል ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ የተዳፋት ፒክስሎች ይገባሉ ማለት ነው። የምትሠሩበት አካባቢ ትንሽ ከሆነ ሁሉም ቦታ የዝናብ ነጥቡ 4 ሊሆን ይችላል። ያኔ ዝናብ ለእያንዳንዱ ፒክስል 2 ነጥብ በነፃ ያድላል እንጂ አንዱን ከሌላው አይለይም። በሩ ከሌለ ደግሞ ጥልቀትና ተዳፋቱ ሁለቱም 1 የሆነ አለታማ ገደል እንኳ 2.5 ያገኛል። ካርታው ላይ ቀይ ቀለም አይኖርም። ሪፖርቱ "ዝናብ ዋናው ወሳኝ ነው" ይላል፤ ካርታውን የሳሉት ግን ጥልቀትና ተዳፋት ናቸው።

ይህን ለማወቅ ከባድ ስታቲስቲክስ አያስፈልግም። የተመደቡትን ሦስት ንብርብሮች አንድ በአንድ ከፍታችሁ በየክፍሉ ስንት ፒክስል እንዳለ ቁጠሩ። አንዱ ክፍል ሁሉን ከጠቀለለ፣ ያ ንብርብር ለዚያ አካባቢ ምንም አይናገርም። በተቃራኒው ውጤቱ ላይ እንደ ቼዝ ሰሌዳ ቀጥ ያለ ጠርዝ ካያችሁ የዝናቡ ፍርግርግ ነው። መሬት እንደዚያ በካሬ አይቆረጥም። ዝናቡን በ30 ሜትር ብትከፋፍሉት ጠርዙ ሊለሰልስ ይችላል፤ አዲስ መረጃ ግን አይገኝም።

የአፈር ጥልቀቱም ያው ነው። ብዙ ጊዜ የምናወርደው የ250 ሜትር ካርታ ከናሙና ጉድጓዶች ተነስቶ በሞዴል የተገመተ ነው። አንዱ ፒክስል ከ6 ሄክታር በላይ ይሸፍናል፤ በዚያ ውስጥ አንዱ ጥግ ጥልቅ፣ ሌላው አለት ሊሆን ይችላል። በሩን ደግሞ በ25 ሴንቲ ሜትር ላይ አቁመናል። ስለዚህ የመስክ ጊዜ ካላችሁ ካርታው ጥልቅ አረንጓዴ ባደረገው ቦታ ላይ አታጥፉት። ጥልቀቱ 20 እና 35 መካከል ወደሚዋዥቀው ቦታ ሂዱ፣ ተዳፋቱ ለጥ ያለ ሆኖ ዝናቡ ጥሩ የሆነበት። የአፈር መሰርሰሪያውን አስገቡና የት ጋ አልገባም እንደሚል ለኩ። ፒክስሉ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን አራት አምስት ቦታ። ልኬቶቹ በ25 ግራና ቀኝ ከተበተኑ ለዚያ ቦታ "ይስማማል" ወይም "አይስማማም" ከማለት "በቦታው ይታይ" የሚል ሌላ ቀለም ስጡት።