ዳሽቦርድን በየሪፍሬሹ ከምንጩ ጋር ማስታረቅ

የተከበራችሁ የሂሳብና የዳታ ባለሙያዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

በሂሳብ ክፍል የሠራችሁ ሁሉ የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ ሳይዘጋጅ ወሩ እንደማይዘጋ ታውቃላችሁ። ዛሬ የምናገረው ይህንኑ ሥራ በዳሽቦርድ ላይ ስለማዋል ነው፤ ልዩነቱ በወር አንድ ጊዜ በሰው እጅ የሚሠራ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ሪፍሬሽ በኋላ በራሱ የሚካሄድ መሆኑ ነው። ሪፍሬሹ «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ሲያሳይ የሚነግረን ሥራው ሳይቋረጥ ማለቁን ብቻ ነው፤ በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ድምር በሽያጭ ሲስተሙ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ስለመሆኑ ምንም አይልም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ላይ አሳያችኋለሁ። በአዲስ አበባ በርካታ ቅርንጫፎች ያሉት፣ አንዳንዶቹም ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩ፣ አንድ የመድኃኒት ቤት ድርጅት እናስብ። ሽያጩ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ይመዘገባል፣ በየሌሊቱ ወደ ዳታ ማከማቻ ይገለበጣል፣ ከዚያም በፓወር ቢአይ ዳሽቦርድ ላይ ይወጣል። ቁጥሮቹን ያዘጋጀኋቸው ለማሳያ ያህል ነው፤ የስህተቱ ዓይነት ግን ይህን ሥራ ለሠራ ሰው እንግዳ አይደለም።

በአንድ ቀን በምንጩ ውስጥ 9,206 የሽያጭ መስመሮች ተመዝግበዋል፤ ድምራቸው 1,284,650 ብር ነው። ዳሽቦርዱ ለዚያው ቀን 1,285,100 ብር ያሳያል። ልዩነቱ 450 ብር ብቻ ስለሆነ፣ ድርጅቱ እስከ 0.1 በመቶ የሚደርስ ልዩነትን እንዲያልፍ አድርጎ ያዘጋጀው ፍተሻ ምንም ሳይናገር ያልፈዋል። ከዚህ ትንሽ ቁጥር ሥር ግን ሁለት ትልልቅ ስህተቶች ተደብቀዋል። የአንድ መድኃኒት ዋጋ ሲቀየር በምርት ሰንጠረዡ ውስጥ አዲስ ረድፍ ተጨምሯል፤ የቀድሞው ረድፍ ግን የማብቂያ ቀን አልተሰጠውም፤ ስለዚህ ሽያጩ ከምርት ሰንጠረዡ ጋር ሲጣመር 41 መስመሮች ሁለት ሁለት ጊዜ ተቆጥረው 18,400 ብር ጨምረዋል። በዚያው ሳምንት የተከፈተ አንድ ቅርንጫፍ ደግሞ በቅርንጫፎች ሰንጠረዥ ውስጥ ገና አልተመዘገበም ነበርና ሽያጩ ሲጣመር 63 መስመሮቹ ወድቀው 17,950 ብር ጠፍቷል። ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተው የቀረው 450 ብር ነው።

ፍተሻው ከብሩ ድምር ጎን የመስመሮቹን ቁጥር ቢያወዳድር ኖሮ 9,206 በአንድ በኩል፣ 9,184 በሌላ በኩል ሆኖ ወዲያው ይታይ ነበር። የበለጠ የሚጠቅመው ግን ንጽጽሩን ወደ ቀንና ቅርንጫፍ ማውረድ ነው፤ ምክንያቱም የጠፋ ቅርንጫፍ በጠቅላላ ድምር ውስጥ ሊደበቅ ሲችል በራሱ ረድፍ ላይ ግን ሊደበቅ አይችልም። በመቶኛ የሚሰጥ መቻቻልን በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ለሽያጭ ገንዘብ አያስፈልግም። ገንዘቡ በምንጩ በሁለት አስርዮሽ ከተቀመጠ ሳንቲም ለሳንቲም የማይገጥምበት ምክንያት የለም። በፓወር ቢአይ ዓምዱ ተራ «ዴሲማል ነምበር» ተደርጎ ከተቀመጠ የሳንቲም ቁርጥራጭ ሊፈጠር ስለሚችል፣ ከመነጻጸሩ በፊት ወደ ሁለት አስርዮሽ ማጠጋጋት ወይም «ፊክስድ ዴሲማል» የተባለውን ዓይነት መምረጥ ይበቃል።

ንጽጽሩ ራሱ ይህን ይመስላል። በአንዱ ሰንጠረዥ ከምንጩ የተወሰደው ድምር አለ፤ በሌላው ደግሞ ከዳሽቦርዱ ሞዴል ተጠይቆ የመጣው።

```sql
SELECT COALESCE(s.sale_date, d.sale_date) AS sale_date,
       COALESCE(s.branch_id, d.branch_id) AS branch_id,
       s.line_cnt, d.line_cnt, s.amount, d.amount
FROM source_totals s
FULL OUTER JOIN dash_totals d
  ON s.sale_date = d.sale_date
 AND s.branch_id = d.branch_id
WHERE s.line_cnt IS DISTINCT FROM d.line_cnt
   OR s.amount   IS DISTINCT FROM d.amount;
```

እዚህ ላይ ሁለት ቦታዎችን ልብ እንድትሉ እጠይቃለሁ። የተጠቀምኩት `FULL OUTER JOIN` ነው፤ በተራ `JOIN` ብናጣምር በዳሽቦርዱ ላይ የሌለው አዲሱ ቅርንጫፍ ከፍተሻውም ይወድቃል፤ ፍተሻው ሊይዘው የተሠራውን ስህተት ራሱ ይደግመዋል ማለት ነው። ሁለተኛው `IS DISTINCT FROM` ነው። በአንድ ወገን ዋጋ ከሌለ በተለመደው `<>` ማወዳደር ውጤቱ እውነትም ሐሰትም ሳይሆን ባዶ ይሆናል፤ `WHERE` ደግሞ ባዶውን ስለሚጥለው ልዩነቱ ሳይታይ ያልፋል። ይህ ኩዌሪ ምንም ረድፍ ካልመለሰ ታርቋል እንላለን፤ ሁለቱም ሰንጠረዦች ባዶ ቢሆኑም ግን እንዲሁ ምንም አይመልስም። ስለዚህ ከእሱ በፊት ሁለቱም በዚህኛው ሪፍሬሽ መሞላታቸውን የሚያረጋግጥ አጭር ፍተሻ መቅደም አለበት፤ ውጤቱም ከሁለት ሳይሆን ከሦስት አንዱ ይሆናል፦ ታርቋል፣ አልታረቀም፣ ወይም አልተፈተሸም።

የምንጩ ድምር የሚሰላበት ኩዌሪ በተቻለ መጠን ቀላል መሆን አለበት። ከሽያጭ መስመሮች ሰንጠረዥ በቀጥታ መደመር እንጂ ዳሽቦርዱ የሚመገብበትን ቪው መልሶ መጠቀም አይገባም፤ አንድ ማጣሪያ በሁለቱም በኩል ተሳስቶ ከገባ ሁለቱ ድምሮች በስህተቱ ላይ ይስማማሉና። በሌላው ጫፍ ደግሞ የሚጠየቀው የዳታ ማከማቻው ሰንጠረዥ ሳይሆን ተጠቃሚው የሚያየው ስሌት ራሱ ሊሆን ይገባል፤ ፓወር ቢአይ `executeQueries` በተባለው ኤፒአይ በኩል ለሞዴሉ ዳክስ ኩዌሪ እንድንልክ ይፈቅዳል። በማከማቻው ላይ ብናቆም በሞዴሉ ውስጥ የሚፈጠረውን ስህተት አናየውም።

አሁን ይህን ፍተሻ ከጀመሩት ብዙዎቹ ወደሚተውበት ምክንያት ልምጣ። ግልበጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጀምራል፣ ሪፍሬሹ 9 ሰዓት ላይ ያበቃል እንበል። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ሌሊት የሚሠሩት መድኃኒት ቤቶች ሲሸጡ ቆይተዋል። ሪፍሬሹ ካለቀ በኋላ ወደ ምንጩ ሄደን ድምር ብንጠይቅ ሁልጊዜ ልዩነት እናገኛለን፤ ማንቂያው በየሌሊቱ ይጮኻል፤ ሰዉም ይሰለችና ያንን የ0.1 በመቶ መቻቻል ያስገባል። እኔ እንደማየው ያ መቻቻል በአብዛኛው የሚወለደው ከዚህ ነው፤ በልዩነቱ ባሕርይ ላይ ታስቦበት የገባ አይደለም።

መፍትሔው ሽያጩን «እስከዚህ ሰዓት ድረስ» በሚል ገደብ ብቻ ማጣራት ይመስላል፤ ነገር ግን ከገደቡ በፊት የተመዘገበ ሽያጭ ከገደቡ በኋላ ሊሰረዝ ወይም ሊታረም ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ግልበጣውንና የቁጥጥር ድምሩን በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ማካሄድ ነው። በፖስትግሬስ ትራንዛክሽኑ `REPEATABLE READ` ተብሎ ከተከፈተ በውስጡ ያሉት ኩዌሪዎች ሁሉ የሚያዩት በመጀመሪያው ኩዌሪ ቅጽበት የነበረውን ዳታ ነው። ድምሩ በዚያው ቅጽበት ተሰልቶ `source_totals` ውስጥ ይቀመጣል፤ ሪፍሬሹ ሲያልቅ የሚነጻጸረውም ከተቀመጠው ድምር ጋር እንጂ እየተለወጠ ካለው ምንጭ ጋር አይደለም። እንዲህ ሲሆን ዜሮ ልዩነት መጠየቅ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም በየቀኑ ትናንሽ ልዩነቶች የሚቀጥሉበት ጊዜ አለ። የአንዱ ቀን ትርፍ በሚቀጥለው ቀን ጉድለት ሆኖ ከታየ፣ የወሩ ድምር ግን ከሞላ ጎደል ከገጠመ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሰዓት ክልል ነው። ዳታቤዙ ሰዓቱን በዩቲሲ ከያዘና ቀኑ ሳይቀየር ከተቆረጠ፣ የእኛ ሰዓት በ3 ሰዓት ስለሚቀድም ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተሸጠው ሁሉ ወደ ቀደመው ቀን ይሄዳል። ሌሊት የማይሠሩት ቅርንጫፎች ሙሉ በሙሉ ታርቀው ሌሊት የሚሠሩት ብቻ ካልታረቁ ጥርጣሬው ይረጋገጣል። በነገራችን ላይ ገንዘብ ተቀባዩ ካዝናውን የሚዘጋው ጠዋት 12 ሰዓት ከሆነ የእሱ «ቀን» ከሁለቱም ይለያል፤ ስለዚህ የቀኑ ወሰን የቱ እንደሆነ ከሂሳብ ክፍሉ ጋር አስቀድሞ መስማማትና በሁለቱም ወገን በዚያው መቁረጥ ያስፈልጋል።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ያለፈው ነው። ሪፍሬሹ የመጨረሻዎቹን 7 ቀናት ብቻ የሚያድስ ከሆነ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት የተሸጠ ዕቃ ዛሬ ተመላሽ ሆኖ የድሮው መስመር ቢታረም ዳሽቦርዱ አያውቀውም። ፍተሻውም 7 ቀን ብቻ ካየ ሁሉም ነገር የታረቀ ይመስላል። ስለዚህ የፍተሻው መስኮት ከሪፍሬሹ መስኮት መስፋት አለበት፦ በየሌሊቱ 35 ቀን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ የበጀት ዓመቱ ከተጀመረበት ከሐምሌ 1 ጀምሮ ማየት ለእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት ይመጥናል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ልዩነት ብዙውን ጊዜ የሚነግረን የሪፍሬሹ መስኮት ጠባብ መሆኑን ነው።

ልዩነት ሲገኝ ምን ይደረጋል? ፍተሻው የሚካሄደው ከሪፍሬሹ በኋላ በመሆኑ አዲሱ ቁጥር በዚያን ጊዜ ለተጠቃሚው ታይቷል። ለቦርድ ወይም ለግብር ሰነድ የሚሄድ ዳሽቦርድ ከሆነ፣ አስቀድሞ በሙከራ ክፍል ታድሶ፣ ተፈትሾ፣ ከዚያ ወደ ዋናው እንዲሄድ አደርጋለሁ። ለዕለታዊ ሥራ ለሚውለው ግን ይህ ከባድ ነው፤ በገጹ አናት ላይ የማስታረቁ ውጤትና ሰዓቱ መታየታቸው ይበቃል። ውጤቱ የሚጻፈው ሪፍሬሹ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ከሌላው ዳታ ጋር አብሮ ቢጫን ሁልጊዜ የትናንቱን ያሳያል፤ ዳሽቦርዱ ያንን ትንሽ ሰንጠረዥ በቀጥታ፣ ማለትም በዳይሬክት ኩዌሪ፣ እንዲያነበው ማድረግ ግድ ነው። ማንቂያውም «ልዩነት አለ» ብቻ ሳይል ቀኑን፣ ቅርንጫፉን፣ ሁለቱን የመስመር ቁጥሮችና ሁለቱን ድምሮች ይዞ ይላክ፤ ተቀባዩ መስመሩ መብዛቱን ወይም ማነሱን አይቶ ከመደራረብና ከመውደቅ የቱን እንደሚፈልግ ወዲያው ያውቃል።

ይህ ፍተሻ የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ። ለሞዴሉ የሚላከው ኩዌሪ በሪፖርቱ ገጽ ላይ የተቀመጠን ማጣሪያ አያይም። አንድ ሰው በገጹ ላይ የዱቤ ሽያጭን አጣርቶ አውጥቶ ቢያስቀምጥ ሞዴሉ ከምንጩ ጋር ታርቆ ሳለ አንባቢው የሚያየው ድምር የጎደለ ይሆናል። ይህ በየሪፍሬሹ የሚለወጥ ነገር ስላልሆነ በየሪፍሬሹ መፈተሽ አያስፈልገውም፤ ሪፖርቱ ተሻሽሎ በታተመ ቁጥር አንድ ሰው በገጹ ላይ ያለውን የአንድ ቀን ድምር ከ`source_totals` ጋር በዓይኑ እንዲያስተያይ ማድረግ ይበቃል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።