ክቡ ሲያጋድል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነኝ። ጉሙ መስኮቴ ድረስ ወርዷል፣ እኔም ጋቢዬን ደርቤ ነው የምቀዳው።

በቅርቡ አንድ ባለሱቅ ለሚሸጡት የሶላር ፋኖስ ማስታወቂያ ሠራሁ። ደንበኞቻቸው በብዛት ከመንዝ የሚመጡ ናቸው። «ልጄ፣ ከላይ ሲያዩት ሁሉም ፋኖስ አንድ ነው። ውስጡን አሳይልኝ» አሉኝ። የፈለጉት ክዳኑ፣ የአምፖሉ ቦርድ፣ ባትሪውና መቀመጫው ተለያይተው አየር ላይ የሚንሳፈፉበትን ምስል ነው። ኤክስፕሎድድ ቪው የምንለውን።

ፋኖሱን ፈታሁና እያንዳንዱን ዕቃ በስልኬ ከቅርብ አነሳሁ። ለየብቻ ሲታዩ ያምራሉ። ፎቶሾፕ ላይ ስደረድራቸው ግን ከአንድ ፋኖስ የወጡ አይመስሉም። ቀለሙን አስተካከልኩ፣ ብርሃኑን ነካካሁ፣ ወይ ፍንክች!

ጥፋቱ ክቦቹ ላይ ነበር። ክብ ነገር ከጎን ሲታይ ሞላላ ይሆናል። ካሜራው ዝቅ ሲል ሞላላው ይጠባል፣ ከፍ ሲል ይከፈታል። እጄ ከፍ ዝቅ ስላለ ክዳኑ ጠባብ፣ መቀመጫው ሰፊ ሞላላ ሆነው ወጡ። ዓይን ምክንያቱን ባያውቅም ይህችን ያውቃታል።

ስለዚህ እንደገና ጀመርኩ። ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አሰርኩት። 100 ሚሊሜትር ሌንስ ገጠምኩና ሁለት ሜትር ያህል ራቅኩ፤ ከቅርብ ሲነሳ የዕቃው የላይና የታች ጠርዝ የሚታዩበት ማዕዘን ይለያያልና። ወደ ታች 30 ዲግሪ አዘነበልኩት። ነጭ ካርቶን ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ፣ ሁሉንም ዕቃ በየተራ እዚያው ምልክት ላይ አስቀምጬ አነሳሁ። መብራቱንም ከግራ እንዳለ ተውኩት።

በ30 ዲግሪ የሞላላው ቁመት የስፋቱ ግማሽ ነው። ስክሪኑ ላይ ስለካው ስምንት ሴንቲሜትር የሚሰፋው ክዳን አራት ሴንቲሜትር ቁመት አለው። መቀመጫውም በራሱ ልክ እንዲሁ። ከዚያ የሁሉንም መሃል በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ አሰለፍኩ። አንዱንም አላሳደግሁም፣ አላሳነስኩም። ካርቶኑ ላይ ያረፈውን ጥላ አጠፋሁ፤ የሚንሳፈፍ ዕቃ ከሥሩ ጥላ ካለው ወዲያው መሬት ይወርዳል።

ክፍተቱን ግን እኩል አላደረግሁትም። ክዳኑንና የአምፖሉን ቦርድ አቀራረብኩ፣ አብረው የሚገጠሙ ናቸውና። ከባትሪው በላይና በታች ሰፊ ቦታ ተውኩ። ቀይና ጥቁር ሽቦውንም አልቆረጥኩትም። ከቦርዱ ወደ ባትሪው ዘንበል ብሎ ሲወርድ ምን ከምን እንደሚገናኝ ያሳያል።

ባለሱቁ ሲያዩት ደስ አላቸው። ቀጥለው «ባትሪውን ሁለት አድርግልኝ» አሉኝ። ፋኖሱ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው። «ጋሼ፣ ይሄ ምስል የፋኖሱ ሆድ ነው። ሰው አንድ ቀን ከፍቶ ያየዋል» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ፋኖሱን አንስተው ራሳቸው ብሎኑን ፈቱት። ምስሉን አጠገቡ ይዘው አንድ በአንድ አመሳከሩ። አሁን ሱቁ ግድግዳ ላይ ባለ አንድ ባትሪው ተሰቅሏል።