የመጨረሻው ዙር ሲያታልል፦ የሙከራ ውጤትና የሥራ ሁኔታ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣

ትራከር ላይ «ተጠናቋል» የተባለ ሥራ ውስጥ ያልተፈታ ችግር የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሞካሪው ስለሰነፈ አይደለም። የሥራው ሁኔታ የሚወሰነው በመጨረሻው የሙከራ ዙር ብቻ ስለሆነ ነው። በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

«የተረሳ የይለፍ ቃል መቀየር» የሚል ሥራ አለን እንበል፤ 12 ቴስት ኬዞች ተያይዘውበታል። በቢልድ 214 ላይ 9ኙ አለፉ፣ 1 ወደቀ፣ 2 ታገዱ። የወደቀው ኢሜይሉ መድረሱን የሚፈትሸው ነው። የታገዱት በኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ሊንክ የሚፈትሹ ናቸው፤ ኢሜይሉ ካልደረሰ ሊንኩን መሞከር አይቻልም። ሁለቱንም «ወድቋል» ብሎ መመዝገብ የተለመደ ስህተት ነው። ያን ጊዜ ለአንድ ችግር ሦስት ባግ ይከፈታል፤ ፕሮግራመሩም የሌለ ጥፋት ሲፈልግ ይውላል። የሚበቃው አንድ ባግ ነው፦ የቢልዱ ቁጥር፣ የወደቀበት እርምጃ፣ የተጠበቀውና የታየው ውጤት ይጻፍበት። የታገዱት ሁለቱም ከእሱ ጋር ይያያዙ። ሥራው ከ«በሙከራ ላይ» ወደ «በሥራ ላይ» ይመለሳል።

ባጉ ታርሞ ቢልድ 217 መጣ። ሞካሪው የወደቀችውን አንዷን ኬዝ ብቻ ደገመ፤ አለፈች። የዙሩ ዘገባ 100 በመቶ ይላል። ትራከሩ የመጨረሻውን ዙር ብቻ እያየ ሁኔታ የሚቀይር ከሆነ ሥራውን እዚሁ ይዘጋዋል። የታገዱት ሁለቱ ግን እስካሁን አንድም ጊዜ አልተሞከሩም! ሲሞከሩ አንዱ ወደቀ፦ ሊንኩ አንዴ ካገለገለ በኋላም ይሠራል። ይህ የደኅንነት ቀዳዳ ነው፤ ከኢሜይሉ ችግር የተለየ ስለሆነም የቀድሞው ባግ አይከፈትበትም፣ አዲስ ይመዘገብለታል።

ስለዚህ ደንቡን በዙር ሳይሆን በኬዝ እሰሩት። ትራከሩ ለ12ቱም ኬዞች የየራሳቸውን የመጨረሻ ውጤት ይውሰድ፤ አንዱ እንኳ «ወድቋል»፣ «ታግዷል» ወይም «አልተሞከረም» ከሆነ ሥራው አይዘጋ። በቢልድ 214 ያለፉት 9ኙስ? እርማቱ ነክቷቸው እንደሆነ ትራከሩ በራሱ አያውቅም። ፕሮግራመሩ ባጉን ሲዘጋ የነካውን ክፍል ይጻፍ፤ ሞካሪው ያን አይቶ የሚደገሙትን ኬዞች ወደ «አልተሞከረም» ይመልስ።

በራሳቸው የሚሮጡ ሙከራዎች ላይ ግን ጥንቃቄ ይጨመር። ኔትወርክ ለአፍታ ተቋርጦ የወደቀ ሙከራ ሥራውን ወዲያው ወደ ኋላ ከጎተተው ሰው ትራከሩን ማመን ያቆማል። በዚያው ቢልድ ላይ አንዴ ይደገም። ዳግም ከወደቀ ሥራው ይመለስ። ካለፈ የሥራው ሁኔታ አይነካ፤ የመጀመሪያው ውድቀት ግን ከመዝገቡ አይሰረዝ፣ ሙከራውም «የማይረጋ» ተብሎ የራሱ ቲኬት ይከፈትለት። አንዳንዴ የማይረጋው ሙከራው ሳይሆን ራሱ ፕሮግራሙ ነው፤ ይህ የሚታወቀውም ውድቀቶቹ በየትኞቹ ቢልዶች ላይ እንደተደጋገሙ ከመዝገቡ ሲነበብ ነው።