ማሽኑ ሲሸጥ፦ ቀሪ ዋጋና ግብር በመጨረሻው ዓመት የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ውስጥ

(ምስል፦ ገላን፣ ከቃሊቲ ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለ የብሎኬት ማምረቻ ግቢ። በአንድ በኩል የፑሚስና የአሸዋ ክምር፣ በሌላ በኩል ውኃ እየጠጣ የሚደርቅ ብሎኬት፣ በመካከሉ ማሽኑ።)

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ቃሊቲን አልፈን ገላን ስንገባ፣ የምናየው ግቢ ለዛሬው ስሌት ምሳሌ ይሆነናል። ግቢው በኪራይ የተያዘ ነው፤ ባለቤቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲሆን፣ አምስት ዓመት የሚቆይ ሥራ አቅዶ የብሎኬት ማምረቻ ማሽን ሊገዛ ነው። የአዋጭነት ጥናቱን የሚሠራው ባለሙያ የአራቱን ዓመታት ፍሰት ያለ ብዙ ችግር ሞልቶ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ማሽኑ በዚያ ዓመት ይሸጣል፤ ታዲያ በሠንጠረዡ ውስጥ የሚገባው ስንት ብር ነው?

የሚገባው ከገዢው የምንቀበለው ገንዘብ፣ ሽያጩ የሚያስከትለው ግብር ከተቀነሰለት በኋላ ነው። ግብሩ ደግሞ የሚሰላው በመሸጫው ዋጋ ላይ ሳይሆን፣ የመሸጫው ዋጋ በግብር መዝገብ ላይ ከቀረው ዋጋ በበለጠበት መጠን ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመሸጫው ዋጋ በፊት መታወቅ ያለበት የመዝገቡ ዋጋ ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ የማሽኑ ወጪ 4,000,000 ብር)

ማሽኑ ከነማጓጓዣውና ከነተከላው 4,000,000 ብር ይፈጃል እንበል። በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት፣ በሌሎች ምድቦች ያልተካተተ እንዲህ ያለ ንብረት በቀጥተኛ ዘዴ በዓመት 15 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ይታሰብለታል። የግብር ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር ማሽኑ ሥራ ከጀመረ፣ የዓመቱ ቅናሽ 600,000 ብር ይሆናል። በአምስት ዓመት 3,000,000 ብር ተቀንሶ፣ ሽያጩ በሚፈጸምበት ሰኔ መጨረሻ በግብር መዝገቡ ላይ 1,000,000 ብር ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጥናቶች ይሳሳታሉ። የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ለሒሳብ ሪፖርት የሚይዘው መዝገብ ሌላ ነው። እርሱ ማሽኑ አምስት ዓመት ያገለግላል፣ ሲያበቃም 500,000 ብር ያወጣል ብሎ ገምቶ በዓመት 700,000 ብር ቢቀንስ፣ በእርሱ መዝገብ መጨረሻ ላይ የሚገኘው 500,000 ብር ነው። ይህ ግምት ለሒሳብ ሪፖርቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግብር ሰብሳቢው ግን በአገልግሎት ዘመንና በቀሪ ዋጋ ግምት ሳይሆን በደንቡ በተቀመጠው መቶኛ ነው የሚሄደው። ሁለቱ መዛግብት ሲለያዩ ለጥሬ ገንዘብ ፍሰት ስሌት የሚያገለግለው የግብሩ መዝገብ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ከኪስ የሚወጣውን ግብር የሚወስነው እርሱ ነው።

ቀጥሎ የመሸጫው ዋጋ ይመጣል። አምስት ዓመት በሲሚንቶና በአሸዋ መካከል ሲንቀጠቀጥ የቆየ ማሽን ሞልዱ ይበላል፣ ሞተሩም ምናልባት አንድ ጊዜ ተጠቅልሏል። ስለዚህ ዋጋው ከአዲሱ ማሽን ዋጋ ላይ በዘፈቀደ አሥር በመቶ ተብሎ የሚወሰድ መሆን የለበትም። ያገለገሉ ማሽኖችን የሚያገናኙ ደላሎችንና ተመሳሳይ ማሽን የሸጡ አምራቾችን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሥራ የማይችል ከሆነ ደግሞ መነሻው በኪሎ የሚታሰበው የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ነው። በምሳሌያችን ገዢው 1,600,000 ብር ይከፍላል። ለማስነቀያ፣ ለክሬንና ለደላላ 100,000 ብር ይወጣል፤ የቀረው 1,500,000 ብር ነው። ሻጩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ ከገዢው የሚሰበስበው ታክስ የመንግሥት ገንዘብ ነውና በዚህ ስሌት አይገባም።

(በስክሪኑ ላይ፦ ከግብር በኋላ የሚቀር = የሽያጭ ገንዘብ − የግብር መጣኔ × (የሽያጭ ገንዘብ − በግብር መዝገብ የቀረ ዋጋ))

የሽያጩ ትርፍ 1,500,000 ሲቀነስ 1,000,000፣ ማለትም 500,000 ብር ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ይህን የመሰለ ከንግድ ሥራ ንብረት ሽያጭ የሚገኝ ጥቅም ከንግድ ሥራ ገቢ ጋር ይደመራል፤ ለድርጅት የሚሠራው መጣኔም 30 በመቶ ነው። ግብሩ 150,000 ብር ይሆናል፣ ለማኅበሩ የሚቀረውም 1,350,000 ብር። ግቢው የማኅበሩ ንብረት ቢሆን ኖሮ የሕንፃው ሽያጭ በሌላ አንቀጽ ይታይ ስለነበር፣ ማሽንና ሕንፃን በአንድ መስመር ጠቅልሎ ማስላት ስሕተት ነው።

አሁን በተለመዱት ስሕተቶች ውጤቱ ምን እንደሚሆን እንመልከት። አንዱ ባለሙያ ግብሩን በጠቅላላው 1,500,000 ብር ላይ ጥሎ 450,000 ብር ይቀንሳል፤ የሚያስገባው 1,050,000 ብር ነው፤ ከትክክለኛው 300,000 ብር ያንሳል። ሌላው በሒሳብ ሪፖርቱ መዝገብ ተጠቅሞ ትርፉን 1,000,000 ብር ያደርግና 1,200,000 ብር ላይ ይደርሳል። እነዚህ ልዩነቶች አምስት ዓመት ወዲያ ስለሆኑ ብቻ ቸል የሚባሉ አይደሉም፤ በዓመት 20 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ ቢመለስ፣ 300,000 ብሩ ከ120,000 ብር በላይ ነው። የተጣራ የአሁን ዋጋው 80,000 ብር የሆነ ፕሮጀክት በዚህ አንድ መስመር ስሕተት ብቻ ውድቅ ይደረጋል።

(በስክሪኑ ላይ፦ የአምስተኛው ዓመት ሙሉ ፍሰት)

የዓመቱን ሙሉ ፍሰት እንሰብስብ። ከብሎኬት ሽያጭ የተገኘው ገቢ ለሲሚንቶ፣ ለሠራተኛ፣ ለመብራትና ለኪራይ የወጣው ጥሬ ገንዘብ ሲቀነስለት 1,800,000 ብር ተረፈ እንበል። ከዚህ ላይ የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 600,000 ብር ሲነሣ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 1,200,000 ብር፣ ግብሩም 360,000 ብር ነው። የእርጅና ቅናሽ ከካዝና የሚወጣ ገንዘብ ስላልሆነ ከሥራው የሚገኘው ፍሰት 1,440,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ ከማሽኑ ሽያጭ የቀረው 1,350,000 ብር ይደመራል። በመጀመሪያው ዓመት በሲሚንቶ ክምችትና በደንበኞች ዱቤ ተይዞ የቆየው 400,000 ብር የሥራ ማስኬጃ ገንዘብም ይመለሳል፤ እርሱ የራስ ገንዘብ ሲመለስ እንጂ ትርፍ ስላልሆነ ግብር የለበትም። ድምሩ 3,190,000 ብር ነው።

በዚህ ደረጃ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ነገር ትርፉን ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። የሽያጩን ትርፍ 500,000 ብር ከዓመቱ ገቢ ጋር ደምሮ ግብር ያሰላ ሰው፣ ሽያጩን በተለየ መስመር ሲያስገባ ግብሩን እንደገና መቀነስ የለበትም። ከዚህ የበለጠ ተደብቆ የሚያልፈው ግን የእርጅና ቅናሹ ነው። ባለሙያው የአምስተኛውን ዓመት 600,000 ብር ከገቢው ላይ ቀንሶ ሲያበቃ፣ የማሽኑን የመዝገብ ዋጋ ከአራተኛው ዓመት መጨረሻ ወስዶ 1,600,000 ብር ቢያደርገው፣ ያው 600,000 ብር ሁለት ጊዜ ተቀንሷል፤ ግብሩም ከሚገባው 180,000 ብር አንሶ ይወጣል። ይህን ለማወቅ ቀላል ማረጋገጫ አለ። በሁሉም ዓመታት የተቀነሰው የእርጅና ቅናሽ ድምርና በሽያጩ ስሌት ላይ የተወሰደው የመዝገብ ዋጋ ሲደመሩ ከማሽኑ ወጪ ጋር እኩል መሆን አለባቸው። በእኛ ምሳሌ 3,000,000 እና 1,000,000 ተደምረው 4,000,000 ይሆናሉ። ድምሩ 4,600,000 ከሆነ ስሕተቱ የት እንዳለ ወዲያው ይታያል።

ማሽኑ ከመዝገብ ዋጋው በታች ሲሸጥ ስሌቱ አቅጣጫውን ይቀይራል። ወጪው ተቀንሶ የሚገኘው 600,000 ብር ብቻ ቢሆን 400,000 ብር ኪሳራ አለ፤ ይህም ከሌላው ገቢ ላይ ስለሚቀነስ 120,000 ብር ግብር ያድናል፣ በሠንጠረዡ የሚገባውም 720,000 ብር ይሆናል። ቀመሩ ያው ነው፤ ነገር ግን ይህ 120,000 ብር የሚገኘው ኪሳራውን የሚሸከም ገቢ ሲኖር ብቻ መሆኑን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። በምሳሌያችን የዓመቱ ገቢ 1,200,000 ብር ስለሆነ በቂ ነው። ሥራው ተቀዛቅዞ የዓመቱ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 150,000 ብር ብቻ ቢሆን ግን፣ በዚያ ዓመት የሚድነው 45,000 ብር ነው። የቀረው 250,000 ብር ኪሳራ ወደሚቀጥሉት ዓመታት ሊተላለፍ የሚችለው ማኅበሩ በሌላ ሥራ ከቀጠለ ነው፤ ግቢውን አስረክቦ የሚፈርስ ማኅበር ከሆነ ቁጠባው ወረቀት ላይ ይቀራል። ጥናቱ ማኅበሩ ከአምስተኛው ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን በግልጽ መጻፍ ያለበት ስለዚህ ነው።

ተቃራኒው ሁኔታ ደግሞ በአገራችን ሩቅ አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ገበያው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚገባ ማሽን በብር የሚጠይቀው ዋጋ በጣም ስለጨመረ፣ ያገለገለውም አብሮ ይወደዳል። ማሽኑ 4,500,000 ብር ቢያስገኝ፣ ከተገዛበት በላይ ማለት ነው፣ የግብር መዝገቡ ግን በዋጋ ንረት አይስተካከልምና አሁንም 1,000,000 ብር ላይ ነው። ትርፉ 3,500,000 ብር፣ ግብሩ 1,050,000 ብር፣ የሚቀረው 3,450,000 ብር ይሆናል። በአንዳንድ አገሮች የግብር ሕግ ከግዢ ዋጋ በላይ ያለው ክፍል ለብቻው ተለይቶ ይታያል፤ እዚህ ግን ለእንዲህ ያለ ተንቀሳቃሽ የንግድ ንብረት ሙሉው ትርፍ የንግድ ሥራ ገቢ ነው። የውጭ መማሪያ ላይ የተሠራን ምሳሌ እንዳለ የሚገለብጡ ጥናቶች በዚህ ቦታ ይሰናከላሉ። የመሸጫው ዋጋ የዋጋ ንረቱን ይዞ ከተገመተ፣ ፍሰቱ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመለስበት መጣኔም ንረቱን የያዘ መሆን ይኖርበታል፤ አንዱ የዛሬ ብር፣ ሌላው የአምስተኛው ዓመት ብር ሆኖ የተሠራ ስሌት ፕሮጀክቱን ያለ አግባብ ያሳምረዋል ወይም ያጣጥለዋል።

(ምስል፦ ማሽኑ በክሬን ተነሥቶ በጭነት መኪና ላይ ሲቀመጥ።)

የቀረው የቀኑ ጉዳይ ነው። ሽያጩ በሰኔ ከተጠናቀቀ ትርፉ በዚያው ዓመት ገቢ ይገባል፤ የዓመቱ ግብር ግን የሚከፈለው የግብር ዓመቱ ካበቃ በኋላ ባሉት ወራት፣ ሒሳብ መዝገብ ለሚይዝ ድርጅት እስከ ጥቅምት 30 ነው። በዓመት የሚሠራ ሠንጠረዥ ሁለቱንም በአምስተኛው ዓመት ላይ ቢያኖር ልዩነቱ ጥቂት ነው። ክሬኑ ቆይቶ ማሽኑ በሐምሌ ከተጫነ ግን ትርፉም ሆነ ኪሳራው ወደ ስድስተኛው ዓመት ይሻገራል፤ ኪሳራ ከሆነ ደግሞ በአምስተኛው ዓመት የነበረው 1,200,000 ብር ገቢ ሊሸከመው አይችልም።