ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይሠራም፣ ሙቀት ያወጣል

ክቡራትና ክቡራን፣ የሐዋሳ ባለሱቆችና ባለካፌዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ይህን ፍሪጅ ጀርባውን ወደ እናንተ ያዞርኩት ሥርዓት አጥቼ አይደለም። ዋናው ሥራ ያለው በዚህ በኩል ስለሆነ ነው። ከፊት በኩል ያለውንማ በየቀኑ ታዩታላችሁ።

ከመነሻው አንድ ነገር ላይ እንግባባ። ፍሪጅ ቅዝቃዜ አያመርትም። ውስጡ ያለውን ሙቀት ለቅሞ ወደ ውጭ ያወጣል። ሙቀቱ የወጣለት ለስላሳ ይቀዘቅዛል፣ በቃ። ችግሩ ሙቀት በራሱ ጊዜ የሚሄደው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው መሆኑ ነው። የፍሪጁ ውስጥ 5 ዲግሪ፣ ሱቃችሁ 28 ዲግሪ ከሆነ ሙቀቱ ሊገባ እንጂ ሊወጣ አይፈልግም። ታዲያ በምን ዘዴ ነው የሚወጣው?

ዘዴው አንድን ፈሳሽ ማፍላትና መልሶ ፈሳሽ ማድረግ ነው። ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት አልኮል ስትቀባችሁ ቦታው ቀዝቀዝ ይላችኋል አይደል? አልኮሉ ከቤቱ ቀዝቃዛ ሆኖ አይደለም። ሲተን ከቆዳችሁ ሙቀት ወስዶ ስለሚሄድ ነው። ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ አጠገቡ ካለው ነገር ሙቀት ይወስዳል። ጋዙ ተመልሶ ፈሳሽ ሲሆን ደግሞ የወሰደውን ይለቃል።

በምን ያህል ሙቀት እንደሚፈላ የሚወስነው ግፊት ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ተምረናል። እኛ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ እዚህ ሐዋሳ ውሃ የሚፈላው 94 ወይም 95 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ከላይ የሚጫነው አየር ቀለል ስለሚል። ፕሬዠር ኩከር ውስጥ ደግሞ ከ100 በላይ ካልደረሰ አይፈላም፤ ስጋው ቶሎ የሚበስለውም ለዚህ ነው። ግፊት ሲቀንስ የመፍያው ሙቀት ይወርዳል፣ ሲጨምር ይወጣል። ይህን ከያዛችሁ ቀሪው ቀላል ነው።

በፍሪጁ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ጋዝ አለ። በብዙ ፍሪጅ ውስጥ አር-134ኤ የሚባለው ነው። ይህ ጋዝ በባሕር ወለል ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል። እንግዲህ አስቡት፤ ለእሱ የበረዶ ቤታችሁ ራሱ የጋለ ምድጃ ነው። ሥራው የጫኝና አውራጅ ሥራ ነው። ውስጥ ሙቀት ይጭናል፣ ጀርባ ላይ ያወርዳል፣ ባዶውን ይመለሳል።

ጉዞውን አብረን እንከተለው። ይህ የበረዶ ቤት ግድግዳ ውስጥ የተዘረጋው ቱቦ ኢቫፖሬተር ይባላል። ፈሳሹ እዚህ የሚገባው በዝቅተኛ ግፊት ነው፣ ከ1 ባር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይፈላል፤ ለመፍላት የሚያስፈልገውን ሙቀት ከሥጋው፣ ከዓሣው፣ ከለስላሳው ይወስዳል።

ከዚያ ጋዝ ሆኖ ወደዚህ ጥቁር ድቡልቡል ነገር ይመጣል። እናንተ ሞተር የምትሉት ነው፣ ስሙ ኮምፕሬሰር ነው። ጋዙን ጨምቆ ግፊቱን ከ10 ባር በላይ ያደርሰዋል። የተጨመቀ ጋዝ ይግላል፤ ስለዚህ ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣውን ቱቦ በእጃችሁ እንዳትይዙት፣ ያቃጥላል።

የጋለው ጋዝ ወደዚህ ጥቁር ፍርግርግ ይገባል። ኮንደንሰር ነው። አሁን ግፊቱ ከፍ ስላለ ጋዙ 45 ዲግሪ አካባቢ ሆኖም ፈሳሽ መሆን ይችላል። የሱቃችሁ አየር 28 ነው። ከ45 ወደ 28 ሙቀት በራሱ ፈቃድ ይሄዳል፣ ማንም አያስገድደውም። ጋዙ ሸክሙን አውርዶ ፈሳሽ ይሆናል።

የቀረው ግፊቱን መልሶ ማውረድ ነው። ይህን የሚሠራው ይህ ክር የመሰለ የመዳብ ቱቦ ነው። ብዙ ሰው አያየውም። ፈሳሹ በዚህች ጠባብ መንገድ ተጨናንቆ ሲያልፍ ግፊቱ ይወድቃል፣ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ወደ በረዶ ቤቱ ይመለሳል። ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

እስቲ በአንድ ሳጥን ለስላሳ እናስላው። 24 ጠርሙስ፣ እያንዳንዱ 300 ሚሊ ሊትር፣ በድምሩ 7.2 ሊትር። ከ28 ወደ 6 ዲግሪ ለማውረድ ከመጠጡ ብቻ 660 ኪሎ ጁል ገደማ ማውጣት አለብን። ፍሪጃችሁ በሰከንድ 200 ጁል፣ ማለትም 200 ዋት፣ ያወጣል እንበል። 55 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። ጠርሙሱም ሙቀት አለው፣ በሩም ይከፈታል፤ በተግባር ከዚያ በላይ ነው። ጠዋት የገባው ሳጥን ለቁርስ ሰዓት ደንበኛ አልቀዘቀዘም ብላችሁ ፍሪጁን አትርገሙት።

አሁን ኮምፕሬሰሩ ከመብራት 120 ዋት ይወስዳል እንበል። ጀርባው ላይ የሚወጣው 200 ብቻ አይደለም፤ የኮምፕሬሰሩም ተጨምሮ 320 ዋት ነው። ቤቱን ለማቀዝቀዝ የፍሪጅ በር ከፍቶ የሚቀመጥ ሰው የማይሳካለት ለዚህ ነው። ክፍሉ ጭራሽ ይሞቃል።

ይህ 320 ዋት መውጫ ካጣ ነገር ይበላሻል። ፍሪጁን ግድግዳ ላይ አስጠግታችሁ፣ ክፍተቱ ላይ ካርቶን ጠቅጥቃችሁ፣ ፍርግርጉ አቧራ ለብሶ ከሆነ ኮንደንሰሩ 45 መሆኑ ይቀርና 55፣ 60 ይደርሳል። ግፊቱም አብሮ ይወጣል። ኮምፕሬሰሩ ይታገላል፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ ለስላሳው ግን ለብ ያለ ነው። ምልክቱ ሞተሩ ሳያርፍ መሥራቱና ፍርግርጉ ከልክ በላይ መጋሉ ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ በብሩሽ ጥረጉት፣ አንድ ስንዝር ያህል ከግድግዳው አርቁት።

ሞተሩ እየሠራ ፍርግርጉ ጭራሽ የማይሞቅ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የሚወርድ ሸክም የለም ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጋዙ ወጥቷል። በከፊል ሲወጣ ደግሞ የበረዶ ቤቱ አንድ ጥግ ብቻ በረዶ ይይዛል፣ ሌላው ደረቅ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ቱቦው ዝግ ነው። ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ ሞልቶ የሚሄድ ባለሙያ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፣ እናንተም ሁለቴ ትከፍላላችሁ። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በረዶን በቢላዋ ከመፋቅ ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ በሩን ክፈቱለት፣ በራሱ ይቀልጣል። ጀርባው ላይ አር-600ኤ የሚል ጽሑፍ ካለ ደግሞ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ ለሚጠግነው ሰው እሳት ከማንሳቱ በፊት አሳዩት።

የመጨረሻው የመብራት ጉዳይ ነው። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ሞተሩ እምም ብሎ ቀጭ ሲል ሰምታችኋል። በአንድ በኩል ያለው ከፍተኛ ግፊት በዚያች ቀጭን ቱቦ አልፎ ገና አልተስተካከለም፤ ሞተሩ ያንን ገፍቶ መነሳት ያቅተዋል። ቀጭ የሚለው ከመቃጠል የሚያድነው መከላከያ ነው። ደጋግሞ ሲታገል ግን አንድ ቀን ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመጣ 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት።

አሁን ጠጋ በሉና ፍሪጁን እዩት። ይህ ሶኬት ላይ ስላለ ያችን የጋለች ቱቦ አደራ አትንኩ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።