ጄሪካኑ እውነተኛ፣ ዘይቱ ፎርጂድ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ከደብረ ብርሃን ነው የማወራችሁ። ውሎዬ ጋራዥ ስለሆነ ዛሬም ወሬዬ የጋራዥ ነው። ስለ ሞተር ዘይት እናውራ። ከመንገድ ዳር ወይም ከትንሽ ሱቅ ስትገዙ ፎርጂዱን በምን ታውቁታላችሁ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጄሪካኑን ነው። ጽሑፉ ደብዝዟል? ቀለሙ ትክክል ነው? ይሄ ድሮ ይሰራ ይሆናል። አሁን ችግሩ ጄሪካኑ ፎርጂድ አለመሆኑ ነው። ጄሪካኑ እውነተኛ ነው፣ ከነስሙ፣ ከነቁጥሩ። ዘይቱ ግን ሌላ ነው። ጋራዥ ውስጥ ዘይት ተቀይሮ ባዶው ጄሪካን ጥግ ይጣላል። ቆራሌው መጥቶ በጥቂት ብር ይገዛል። ከዚያ የት እንደሚሄድ ሁላችንም እንገምታለን። የሚሞላበት ወይ በላምባ የቀጠነ ዘይት ነው፣ ወይ የተቃጠለ ዘይት ተጣርቶ፣ ወይ ደግሞ ርካሽ ዘይት በውድ ስም። መንገድ ዳር ደርድሮ የሚሸጠው ልጅ ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቅም። ለዚህ ነው "አንተ ሌባ" ብሎ መነሳቱ ደስ የማይለኝ።

በላምባ የቀጠነውን ላንሳ፣ እኛ አካባቢ ጠባዩ ልዩ ስለሆነ።

አንድ የአይሱዙ ሹፌር አለ፣ ደንበኛችን፣ ሸዋ ሮቢት የሚመላለስ። አንድ ቀን መጣና፣ "ይሄን ዘይት ካስገባሁ ወዲህ መኪናዬ ጠዋት አንዴ ስነካው ይነሳል፣ ግሩም ዘይት ነው" አለኝ። እኔ ግን አልወደድኩትም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጠዋት ውርጭ አለ። ብርድ ላይ ዘይት ይወፍራል፣ ሞተሩም ከብዶት ነው የሚነሳው። በፊት እንደዚያ የነበረ መኪና ዘይት ስለተቀየረ ብቻ እንዲህ ከቀለለው፣ ዘይቱ ከሚገባው በላይ ቀጥኗል ማለት ሊሆን ይችላል። ሰው ግን ይሄን ጥሩነት ያደርገዋል።

"ሸዋ ሮቢት ስትደርስስ?" አልኩት።

"እሱማ አንዳንዴ ቆሜ ሳለሁ የዘይት መብራቱ ብልጭ ይላል። ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል።"

እንግዲህ ተመልከቱ። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ናት፣ ቆላ ናት። ጣርማ በርን ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ሙቀት ውስጥ ይገባል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። ትክክለኛ ዘይት ሲቀጥንም ግፊቱን የሚይዝበት ልክ አለው። በላምባ የቀጠነው ግን ያን ልክ ያልፋል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ፓምፑ የሚገፋው ትንሽ ስለሆነ ግፊቱ ይወርዳል፣ መብራቱም ይበራል። መብራቱ ብልጭ ሲል ነዳጅ ሰጥቶ ማጥፋት መድኃኒት አይደለም። እንዲያውም ከሸዋ ሮቢት ጭኖ ያን ዳገት ሲመለስ ነው ብረት ከብረት ሊገናኝ የሚችለው።

ሌላም ምልክት ነገረኝ። ዘይቱ ቶሎ ጎደለ፣ ከዚያ ቆመ። ይሄም የላምባ ጠባይ ነው። ሞተር ሲግል ላምባው ቀስ በቀስ ይተናል፣ በመለኪያው ላይ ዘይቱ ይወርዳል። ላምባው ሲያልቅ መጉደሉ ይቀንሳል። ሰው ግን "ሞተሬ ዘይት መብላት ጀመረ" ብሎ ሌላ ወጪ ያወጣል። በተቃራኒው ዘይቱ እየጨመረ ከሄደ ሻጩን አትጠርጥሩ። ያኔ ከራሱ ከሞተሩ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየገባ ሊሆን ይችላል፣ ያ ሌላ ሥራ ነው።

"ታዲያ ከመግዛቴ በፊት እንዴት ልወቅ?" አለኝ። ሁለት ጣቱን እያፋተገ። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጣት ከመቶ አሥር እጅ ላምባ አይለይም። ክብሪት የሚጭሩም አሉ፣ ተዉት፣ አደጋ ነው፣ የሚነግራችሁም ነገር የለም። ቀለምም አታምኑ። ንጹሕ ዘይት ቢጫም፣ ቀይም፣ ጠቆር ያለም ሊሆን ይችላል። ሽታ ግን ይረዳል። ላምባ የሚሸት ወይም የተቃጠለ የሚሸት አዲስ ዘይት አትግዙ።

እኔ የምጠቀምበትን ላሳያችሁ። ከፋርማሲ ሁለት አሥር ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሲሪንጆች ግዙ፣ አንድ ዓይነት። መርፌዎቹን አውጡ፣ መግፊያዎቹንም አውጡ። ከምታምኑት ቦታ የገዛችሁትን ተመሳሳይ ዘይት፣ የውፍረት ቁጥሩም አንድ ዓይነት የሆነውን፣ ለምሳሌ 15W-40 ከሆነ 15W-40፣ በአንዱ አድርጉ። የምትጠረጥሩትን በሌላው። ሁለቱም ዘይቶች ሌሊቱን አንድ ቦታ ማደር አለባቸው፣ ሙቀታቸው ካልተመሳሰለ ፈተናው ከንቱ ነው። ጫፎቹን በጣት ዝጉ፣ እስከ አሥሩ ሙሉ፣ እኩል ልቀቁ። ብርድ ላይ ጥሩው ለመውረድ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከመቶ አሥር እጅ ላምባ ያለው በግልጽ ቀድሞ ይጨርሳል። ልዩነቱ በሰዓት ሳይሆን በዓይን ይታያል።

ደግሞ ጠዋት ብርድ ላይ ከጥሩው በጣም ዘግይቶ የሚወርድ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። እሱ ምናልባት አንድ ቁጥር ብቻ ያለው ዘይት ነው፣ 40 የሚባለው፣ በ15W-40 ጄሪካን የተሞላ። ሲሞቅ ይመሳሰላሉ፣ ሲበርድ ይለያያሉ። ሸዋ ሮቢት የሚኖር ሰው ላይጎዳው ይችላል፣ ደብረ ብርሃን የሚያድር መኪና ግን ጠዋት ይቸገራል፣ ዘይቱም ወደ ሞተሩ ላይኛው ክፍል ዘግይቶ ይደርሳል።

ሹፌሩ ከሱቅ ከወሰደው ጄሪካን ትንሽ ዘይት ቀርቶት ነበር። ሲሪንጁ ላይ አየነው፣ ቀድሞ አለቀ፣ ሩቅ ቀድሞ። ዘይቱን አፈሰስነው፣ ፊልትሮውንም ቀየርን። ሱቁ ጋ ሄደ፣ ባለ ሱቁ ደግሞ ከሚያመጣለት ሰው ጋር ተጣላ። እስከዚያ ድረስ ነው የማውቀው።

ይህ ፈተና ድክመትም አለው፣ አልደብቃችሁም። ውፍረትን ብቻ ነው የሚለካው። ውፍረቱ ትክክል ሆኖ ብረትን ከመፋቅ የሚጠብቀው፣ ጥላሸትን የሚያጥበው ንጥረ ነገር የሌለው ዘይት አለ። እሱን ላብራቶሪ እንጂ ሲሪንጅ አያገኘውም። ስለዚህ ዘይቱ ሲፈተን አለፈ ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ወደቀ ማለት ግን መጥፎ ነው ማለት ነው።

ሱቅ ላይ ደግሞ አንድ ቀላል ነገር አድርጉ። አንዱን ብቻ አትመልከቱ፣ ካርቶን ካለ ካርቶኑን አስከፍቱ። ጄሪካኖቹን ደርድራችሁ ከብርሃን ፊት ለፊት አስቀምጡ። ፋብሪካ የሞላቸው ከፍታቸው እኩል ነው። በእጅ የተሞላ ይለያያል። ክዳኑ ላይ ቀለበቱ ሲከፈት "ቀጭ" ብሎ መቆረጥ አለበት፣ ከሥሩ ያለው ፎይልም ጠርዙ ለስላሳና እኩል መሆን አለበት። የተጨማደደ፣ በካውያ የተለጠፈ የሚመስል፣ በክሩ ላይ ዘይት የተቀባ ከሆነ ተዉት። የተመረተበት ቁጥርም በጄሪካኑና በካርቶኑ ላይ ይመሳሰላል ወይ ብላችሁ እዩ። በሊትር ከበርሜል እየተቀዳ በውኃ ሃይላንድ የሚሸጠውን ግን እኔ አልገዛም። በርሜሉ ስም ቢኖረውም ስንት ጊዜ እንደተሞላ ማንም አያውቅም። የባጃጅ ልጆች ትንሽ ስለሚበቃቸው ይህን ይመርጣሉ፣ ይገባኛል፣ ግን ሁለት ሦስት ሆነው አንድ የታሸገ ቢካፈሉ ይሻላቸው ነበር።

እኛ ጋራዥ አሁን አንድ ደንብ አለ። ባዶ ጄሪካን ከመጣሉ በፊት ከሥሩ በስለት ይወጋል፣ ክዳኑም ለብቻው ይጣላል። ቆራሌው "አበላሻችሁብኝ" ብሎ ያጉረመርማል፣ በዋጋውም ይቀንሳል። ይቀንስ። መኪናችሁን የትም ብታስቀይሩ ባዶውን ከዓይናችሁ ሥር አስወጉት።