ቦንዱ የ5 ዓመት ነው፤ ዱሬሽኑ ግን 5 አይደለም

እንደምን ዋላችሁ። ከድሬዳዋ ነው የማወራችሁ። ሰዓቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የማራገቢያው ድምፅ እንዳይገባ አጥፍቼዋለሁ፣ ስለዚህ ላብ በላብ ሆኜ ነው የምቀዳው። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ።

ርዕሱን ያመጣልኝ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ሻይ የምንጠጣ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። በዕድሜ አባቴ ይሆናል። ግን ድሬ ላይ አንቱታ የለም፣ አንተ እየተባባልን ነው የምናወራው። "ስማ" አለኝ። "የቦንድ ወለድ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው አይደል? በየዓመቱ ይህን ያህል እከፍላለሁ ብሎ የፈረመ አካል አለ። ታዲያ ወለድ ሲጨምር የቦንድ ዋጋ ወረደ የሚሉት ምን ሆኖ ነው? ማን ቀነሰው?"

ማንም አልቀነሰውም። የተፈረመው ገንዘብ አንድ ብር አይጎድልበትም። የሚወርደው፣ ቦንዱን ዛሬ ለሌላ ሰው ልሽጠው ስትል የምታገኘው ዋጋ ነው። በቁጥር እንየው። ምሳሌው የፈጠራ ነው፤ ቁጥሮቹን ለሒሳብ እንዲመቹ ነው የመረጥኳቸው።

100,000 ብር ከፍዬ የ5 ዓመት ቦንድ ገዛሁ እንበል። ወለዱ 10 በመቶ ነው። በየዓመቱ 10,000 ብር አገኛለሁ፤ አምስተኛው ዓመት ላይ የመጨረሻው ወለድና ዋናው ገንዘብ አብረው 110,000 ሆነው ይመጣሉ። በማግስቱ ያው ቦንዱን የሸጠልኝ ተበዳሪ ልክ እንደኔው ያለ አዲስ ቦንድ በ11 በመቶ አወጣ። አዲሱ በዓመት 11,000 ብር ይከፍላል። አሁን የኔን በ100,000 ብር ማን ይገዛኛል? ማንም። ዋጋ መቀነስ አለብኝ።

ስንት ልቀንስ? ልዩነቱ በዓመት 1,000 ብር ነው። አምስት ዓመት ስለሆነ 5,000 ልቀንስ የሚል ሰው አይጠፋም። ግን ያ ይበዛል። ምክንያቱም ገዢው ከአምስት ዓመት በኋላ የሚቀርበት 1,000 ብር ዛሬ በእጁ ካለ 1,000 ብር እኩል አይደለም። ገንዘብ በ11 በመቶ በሚያድግበት ገበያ፣ በዓመቱ የሚመጣ 1,000 ብር ዛሬ 901 ብር ያወጣል። በአምስት ዓመቱ የሚመጣው ደግሞ 593 ብር ብቻ። አምስቱን እንዲህ እየመነዘርን ስንደምር 3,696 ብር ይሆናል። ስለዚህ ቦንዴ በ96,304 ብር ይሸጣል። ኪሳራው 3.7 በመቶ ነው።

እስካሁን ያለው ተራ ሒሳብ ነው። ጥያቄው፣ ይህን ሁሉ ሳልደምር፣ ወለድ ከመጨመሩም በፊት፣ "ይሄ ቦንድ በወለድ ለውጥ ምን ያህል ይጎዳል?" የሚለውን በአንድ ቁጥር ማወቅ እችላለሁ ወይ ነው። ዱሬሽን የሚባለው ያ ቁጥር ነው። ሐሳቡን በ1938 እ.አ.አ. ያቀረበው ፍሬድሪክ ማኮሌይ የተባለ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነው። የእሱ ጥያቄ የወለድ ለውጥም አልነበረም። "ይህ ቦንድ በእውነት የስንት ዓመት ቦንድ ነው?" ነበር ያለው።

የስንት ዓመት ነው ማለት ምን ማለት ነው? ወረቀቱ 5 ዓመት ይላል። ግን ገንዘቤ ሁሉ አምስተኛው ዓመት ላይ አይደለም የሚመጣው፤ ከዚያ በፊት አራት ጊዜ እየተቆረሰ ይደርሰኛል። አንድ ረጅም ጣውላ በአእምሯችሁ ሳሉ። ጣውላው ላይ ከ1 እስከ 5 ምልክት አለ፤ በየምልክቱ ላይ ጆንያ ተቀምጧል። የጆንያው ክብደት፣ ያን ዓመት የሚመጣው ገንዘብ ዛሬ የሚያወጣው ዋጋ ነው። በ10 በመቶ ስንመነዝረው የመጀመሪያው ዓመት ጆንያ 9,091 ብር ይመዝናል፤ ከዚያ 8,264፣ 7,513፣ 6,830። የመጨረሻው 68,301 ነው፣ ዋናው ገንዘብ አብሮት ስላለ። ድምሩ 100,000። አሁን ጣውላው ሚዛኑን ጠብቆ እንዲቆም ከሥሩ ድንጋይ የት ላስገባ? ወደ አምስተኛው በጣም ተጠግቶ፣ ግን አምስት ላይ አይደለም። ዓመቱን በክብደቱ እያባዛን ደምረን ለ100,000 ስናካፍል 4.17 ይመጣል። ዱሬሽኑ 4.17 ዓመት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። በዓመት የሚለካ ነገር እንዴት ብሎ የኪሳራ መጠን ይነግረኛል? ይህን ቁጥር ለ1.10 አካፍሉት፤ ማለትም ለአንድ ሲደመር የገበያው ወለድ። 3.79 ታገኛላችሁ። ባለሙያዎች የተስተካከለ ዱሬሽን ይሉታል። ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው፦ ወለድ በአንድ ነጥብ ሲጨምር ዋጋው 3.79 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ወለድ በአንድ ነጥብ ሲቀንስ ያን ያህል ይወጣል። ምክንያቱም ሩቅ ያለ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ይመነዘራል። አንድ ዓመት የቀረው በአዲሱ ወለድ አንዴ ይቀጣል፣ አምስት ዓመት የቀረው አምስቴ። ስለዚህ የገንዘቡ አማካይ ርቀትና የቅጣቱ መጠን አብረው ነው የሚሄዱት።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ "አንድ ነጥብ" ነው ያልኩት። ከ10 ወደ 11 ማለቴ ነው። የ10 አንድ በመቶ፣ ማለትም ከ10 ወደ 10.1 አይደለም። ሁለቱን ያምታታ ሰው ኪሳራውን በአሥር እጅ ይስታል።

ቅድም በረጅሙ መንገድ ያገኘነው ግን 3.7 ነበር፣ አሁን ደግሞ 3.79 ሆነ። ልዩነቱ የአቆራረጥ ስህተት አይደለም። ዱሬሽን ግንኙነቱን እንደ ቀጥ ያለ መስመር ነው የሚያየው፤ እውነተኛው ግን ትንሽ ጎበጥ ይላል። ለአንድ ነጥብ ለውጥ ግድ አይሰጥም። ወለድ ከ10 ወደ 15 ቢዘል ግን ዱሬሽን 19,000 ብር ገደማ ትከስራለህ ይላል፤ እውነተኛው ኪሳራ 16,761 ብር ነው። ወለድ ሲወርድ ደግሞ ትርፉን አሳንሶ ይነግራችኋል። በሁለቱም በኩል ተራው ቦንድ ዱሬሽን ከሚለው ይሻላል። በቀና በኩል የሚሳሳት መለኪያ እኔ በበኩሌ አልጠላም።

አሁን እኔን ራሴን በጣም ወደገረመኝ ነገር ልምጣ። ያንኑ ባለ 10 በመቶ ቦንድ 20 ዓመት አድርጉት። የተስተካከለው ዱሬሽን 8.5 ይሆናል። 30 ዓመት አድርጉት፤ 9.4 ብቻ። አሥር ዓመት ጨምረንበት አንድ እንኳ አልሞላም! ወለዱ ከፍ ባለበት ገበያ ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣ ብር ዛሬ የሚያወጣው እዚህ ግባ አይባልም፤ ጆንያው ሩቅ ነው ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በተቃራኒው፣ በመሃል ምንም ወለድ የማይከፍል፣ ሁሉንም መጨረሻ ላይ የሚሰጥ የ5 ዓመት ቦንድ ዱሬሽኑ ድፍን 5 ነው። ስለዚህ "የስንት ዓመት ነው?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ በመሃል ምን ያህል ይመልሳል የሚለውም ይጠየቃል።

ለእኛ ሀገር ይህ እስከ ቅርብ ጊዜ የወረቀት ጨዋታ ነበር ማለት ይቻላል። ቦንድ የገዛ ሰው እስኪያልቅ ይይዘዋል፣ አለቀ። አሁን ግን ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የፖሊሲ ወለድ፣ ማለትም ለገበያው መነሻ የሚሆን ወለድ እያወጣ ነው፣ ሲጀምርም 15 በመቶ ብሎ ነው። ጥር 2017 ላይ ደግሞ ቦንድና አክሲዮን የሚሸጥበት የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያው ተከፈተ። መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርባቸው የግምጃ ቤት ሰነዶች ረጅሙ 364 ቀን ስለሆነ ዱሬሽናቸው ከአንድ በታች ነው፤ ወለድ በአንድ ነጥብ ቢጨምር ዋጋቸው አንድ በመቶ እንኳ አይወርድም። ነገሩ የሚከብደው በረጃጅሞቹ ነው።

ምን ያህል እንደሚከብድ የአሜሪካው የሲሊከን ቫሊ ባንክ ታሪክ ያሳያል። እ.አ.አ. በማርች 2023 ባንኩ 21 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጡ ሰነዶችን ሸጦ፣ ከግብር በኋላ 1.8 ቢሊዮን መክሰሩን ተናገረ። በሁለት ቀን ውስጥ ተዘጋ። ራሱ ባወጣው መግለጫ የእነዚያ ሰነዶች ገቢ 1.79 በመቶ፣ ዱሬሽናቸው 3.6 ዓመት ነበር። በዚያ ሰዓት የገበያው ወለድ ከእነሱ ገቢ ወደ ሦስት ነጥብ ያህል ከፍ ብሎ ነበር። 3.6ን በ3 አባዙት፤ ወደ 11 በመቶ ነው። ከ21 ቢሊዮን ላይ 11 በመቶ ሲነሳ ከሁለት ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ግብሩ ሲታሰብ ከተናገሩት ቁጥር ብዙም አይርቅም። ሰነዶቹ ጤነኛ ነበሩ፤ አልከፍልም ያለ ተበዳሪ አልነበረም። አስቀማጮች ገንዘባቸውን ሲፈልጉ ባንኩ ሰነዶቹን ጊዜያቸው ሳያልቅ ለመሸጥ ተገደደ፣ ያኔ ዱሬሽን ሒሳቡን አስከፈለ።

ጡረተኛው ወዳጄ ይህን ስነግረው "እኔ አልሸጥም፣ እስኪያልቅ እይዘዋለሁ፤ ምን አገባኝ?" አለኝ። ግማሹ ልክ ነው። ግን በየዓመቱ የሚደርሰውን 10,000 ብር የት ያስቀምጠዋል? ወለድ ከጨመረ እሱንም በ11 በመቶ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ የወለድ ጭማሪ በአንድ እጁ ይቀንሳል፣ በሌላው ይጨምራል። ሁለቱ የሚካካሱት መቼ ነው? ከ4.17 ዓመት በኋላ። ወለድ 10 ላይ ቢቀር በዚያ ቀን 148,800 ብር ገደማ ይኖረዋል። እንደገዛ ወዲያው ወደ 11 ቢዘልም ያው 148,800 ገደማ ነው። ገንዘቡን ከዚያ ቀደም ብሎ የሚፈልግ ሰው የወለድ ጭማሪ ይጎዳዋል፤ ዘግይቶ የሚፈልግ ይጠቀማል። የጡረታ ፈንዶች የሚከፍሉበትን ጊዜና የቦንዶቻቸውን ዱሬሽን የሚያጣጥሙት ለዚህ ነው። ወለድ መሃል ላይ እንደገና ከተቀየረ ግን ሒሳቡም እንደገና ይሠራል፤ አንዴ አስተካክሎ መተኛት የለም።

ዱሬሽን ጭራሽ የማያየው ነገርም አለ። ኢትዮጵያ በ2014 እ.አ.አ. በ6.625 በመቶ ለውጭ ባለሀብቶች የሸጠችው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ፣ ዩሮቦንድ የሚባለው፣ የሚያልቀው ዲሴምበር 2024 ነበር። ዲሴምበር 2023 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላሩ ወለድ ሳይከፈል ቀረ። በዚያ ወቅት በወረቀቱ መሠረት የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ስለነበር ዱሬሽኑ አንድ እንኳ አይሞላም። በዱሬሽን ብቻ ያየው ሰው "ይሄማ አስተማማኝ ነው" ይል ነበር። ገበያው ላይ ግን ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ዋጋ በብዙ ዝቅ ብሎ ነበር የሚሸጠው። ምክንያቱም ገዢው ያሰበው ስለ ወለድ ለውጥ አልነበረም፤ ይከፈለኛል ወይስ አይከፈለኝም እያለ ነበር። ዱሬሽን ገንዘቡ በቀኑ እንደሚመጣ አምኖ ነው የሚነሳው። ያ እምነት ከተናጋ 3.79 ይሁን 0.9 ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም።

ማራገቢያውን ልክፈተው፣ አልቻልኩም። ቀጥሎ የወለድ ለውጡ ለአጭሩም ለረጅሙም ቦንድ እኩል ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚሆን አወራለሁ። ቻው።